የተበታተኑ ስክሪንሹቶችን በአንድ ፒዲኤፍ ስለ መጠረዝ



ባልና ሚስት በባሕር ማዶ ተለያይተው ሲኖሩ ጋብቻቸው እውነተኛ መሆኑን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስረዳት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቀድሞ ዘመን ማስረጃው በፖስታ የተላከ ደብዳቤ ነበር፤ የፖስታ ቤቱም ማኅተም የተጻፈበትን ወራት ይመሰክር ነበር። ዛሬ ግን ደብዳቤው በስልክ ውስጥ ስለ ሆነ ለማስረጃ የሚቀርበው ስክሪንሹት፣ ማለት ስልኩ በመስተዋቱ ላይ የሚያሳየውን ገጽ እንዳለ አንሥቶ የሚያስቀምጠው ሥዕል ነው። ሥዕሉን ማንሣት ቀላል ነው፤ በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ በአንድነት መጫን ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው መቶ ሁለት መቶ ሥዕል ከተከማቸ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ክምር አንድ መርማሪ ሊያነበው ወደሚችል አንድ መዝገብ እንዴት እንደሚያደርሱት በዚህ ወር ዓምድ እናያለን።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ባል በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር የአሜሪካ ዜጋ፣ ሚስት በደሴ ከተማ ነዋሪ ናት እንበል። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ተጋብተው እርሱ ወደ ሥራው ተመልሷል። ባልየው ለአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ በኢንተርኔት ያቀርባል። መሥሪያ ቤቱ ከጋብቻ የምስክር ወረቀት በላይ ትዳሩ ለወረቀት ብቻ የተደረገ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። በደንቡ ተለይተው ከተጠሩት ማስረጃዎች መካከል የጋራ ንብረት፣ የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የተቀላቀለ የገንዘብ ሂሳብ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና ትዳሩን የሚያውቁ ሰዎች በመሐላ የሚሰጡት ቃል ይገኛሉ። ተራርቀው የሚኖሩ ባልና ሚስት ግን የጋራ ቤትም የጋራ ሂሳብም ላይኖራቸው ስለሚችል የስልክ መልእክታቸው ከሌላው ማስረጃ ጋር ተደግፎ ይቀርባል። ብቻውን ጉዳዩን አይሸከምም፤ ሆኖም በሥርዓት ከቀረበ ብዙ ይናገራል። በሥርዓት ያልቀረበ እንደ ሆነ መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህም በተለያየ ቤተ ሰብ ላይ የወራት መጠበቅን ይጨምራል።

እንግዲህ በመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ የሚቀበለውን ወሰን ማወቅ ይገባል። በኢንተርኔት የሚጫነው እያንዳንዱ ፋይል ከ12 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ዓይነቱ ፒዲኤፍ ወይም ጄፔግ ወይም ቲፍ መሆን አለበት። የስልክ ስክሪንሹት ብዙውን ጊዜ ፒኤንጂ የተባለው ዓይነት ስለ ሆነ እንዳለ ቢጫን ተቀባይነት የለውም፤ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፋይልም አይቀበሉም። የፋይሉ ስም በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር መጻፍ ስላለበት በአማርኛ ፊደል ስም የተሰጠው ፋይል ይመለሳል። ይህ ወሰን በመጫኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ በምትጭኑበት ቀን እንደ ገና አንብቡት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የትርጉም ነገር ነው። በአማርኛ የተጻፈ ማናቸውም ማስረጃ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ራሱም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጐም ብቃት ያለው መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ ይፈርማል። ሙሉ ማለት በገጹ ላይ የሚታየው ቃል ሁሉ እንጂ አሳጥሮ የተነገረ ፍሬ ነገር አይደለም። አራት መቶ ስክሪንሹት የሚያቀርብ ሰው አራት መቶ ገጽ ማስተርጐም አለበት ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ የሥራው መጀመሪያ ማሰባሰብ ሳይሆን መምረጥ ነው።

የእኛዎቹ ባልና ሚስት 18 ሥዕል መረጡ እንበል። ከጋብቻቸው ጀምሮ ካለው ጊዜ ስድስት ወቅቶችን ለይተው ለእያንዳንዱ ሦስት ገጽ ሰጡ። በእያንዳንዱ ወቅት አንደኛው ገጽ ስለ አንድ የታወቀ ነገር፣ ማለት ስለ በዓል ወይም ስለ ሕመም ወይም ስለ ቤት ኪራይ የተነጋገሩበት ነው። ሁለተኛው የስልክ ጥሪ ዝርዝር ነው፤ በዚህ ላይ ቀኑና የንግግሩ ርዝመት ስለሚታይ ብዙ ትርጉም ሳያስፈልገው ይመሰክራል። ሦስተኛው የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ወይም ስለ ገንዘቡ የተጻፈ መልእክት ነው። በድምፅ የተላኩ መልእክቶችን ግን አልመረጡም፤ የድምፅ መልእክት በሥዕል ላይ አንድ መሥመር ሆኖ ከመታየቱ በቀር ምን እንደ ተባለ አይገልጥምና። አንድ ሳምንት ሙሉ የተጻጻፉትን ደርድሮ ከማቅረብ ይልቅ እንዲህ በየጊዜው መርጦ ማቅረብ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ መቆየቱን ያሳያል።

ሥዕሉ በሚነሣበት ጊዜ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው ቀን፣ ሁለተኛው ሰዓት ነው።

ቀኑን በሚመለከት፣ በዋትሳፕ ላይ የቅርብ ጊዜ መልእክት «ዛሬ» ወይም «ትናንት» ወይም በሳምንቱ ቀን ስም ብቻ ተጽፎ ይታያል። እንዲህ ያለው ሥዕል ከስድስት ወር በኋላ በመርማሪው ፊት ሲቀርብ «ትናንት» የትኛው ቀን እንደ ነበረ ማንም አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሙሉ ቀኑ መጻፍ ሲጀምር ማንሣት፣ ሲያነሡም ቀኑ የተጻፈበት መሥመር በገጹ ላይ እንዲታይ አድርጎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መግፋት ነው። በተጨማሪም ስልኩ ለሥዕሉ የሚሰጠው ስም ሥዕሉ የተነሣበትን ቀን እንጂ መልእክቱ የተጻፈበትን ቀን አይይዝም። ሚስት በአንድ ማታ ተቀምጣ የሁለት ዓመቱን ሁሉ ብታነሣ ሁሉም የአንድ ማታ ስም ይይዛሉ፤ በስማቸው ተራ ቢደረደሩ መጀመሪያ የተነሣው መጀመሪያ ይሆናል እንጂ መጀመሪያ የተጻፈው አይሆንም።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ስልክ መልእክቱን የሚመዘግበው ባለቤቱ ባለበት አገር ሰዓት ነው። የዋሺንግተን ሰዓት ከኢትዮጵያ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ መልእክት በሚስት ስልክ ላይ 9:10 PM ተብሎ ሲታይ በባል ስልክ ላይ 2:10 PM ወይም 1:10 PM ሆኖ ይገኛል። ግማሹን ሥዕል ከአንዱ ስልክ፣ ግማሹን ከሌላው የሰበሰበ ሰው አንዱን ንግግር በሁለት ሰዓት ያቀርባል፤ የማያውቅ አንባቢም ያልተስማማ ነገር ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ የንግግሩ ሥዕል ሁሉ ከአንድ ስልክ ይነሣ። በእኛ ጉዳይ ከሚስት ስልክ ተነሥቷል፤ ይህም በመዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፋል።

ሥዕሎቹ ከደሴ ወደ ዋሺንግተን ሲላኩም መንገዱ ያጐድላቸዋል። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶግራፍ የተላከ ሥዕል ቶሎ እንዲደርስ ተብሎ ይጨመቃል፤ የጽሕፈቱም ጠርዝ ይደበዝዛል። በቴሌግራም File፣ በዋትሳፕ Document የሚለውን መርጦ የላከ ሰው ግን ሥዕሉን እንዳለ ያደርሳል። ላኪዋ ይህን ካላወቀች ተቀባዩ ደብዛዛውን በኋላ ሊያጠራው አይችልም፤ እንደ ገና ማስላክ ብቻ ነው።

ባልየው 18ቱን ሥዕሎች በኮምፒዩተሩ ላይ በአንድ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጥና መልእክቱ በተጻፈበት ቀን ተራ 01፣ 02፣ 03 እያለ እስከ 18 ድረስ ስማቸውን ይለውጣል። ከ1 እስከ 9 ላሉት ዜሮ በፊታቸው የሚጨመረው አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 አስቀድሞ ስለሚደረድር ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያውቀው አቋራጭ መንገድ አለ። በዊንዶስ ኮምፒዩተር ሥዕሎቹን ሁሉ መርጦ፣ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ Print ካለ በኋላ ከማተሚያዎቹ መካከል Microsoft Print to PDF የሚለውን መምረጥ ነው። አንድ ፒዲኤፍ በእርግጥ ይወጣል፤ ነገር ግን ሁለት ወጥመድ አለበት። የመጀመሪያው፣ ቁልፉን የተጫንንበት ሥዕል የትም ቢሆን አንደኛ ገጽ ይሆናል፤ ስለዚህ በ01 ላይ መጫን ይገባል። ሁለተኛውና የከፋው Fit picture to frame የሚለው ምልክት አስቀድሞ ተደርጎበት መገኘቱ ነው። ይህ ምልክት ሥዕሉ ወረቀቱን ሞልቶ እንዲታይ የተረፈውን ይቆርጣል። የስልክ ሥዕል ረጅምና ጠባብ ነው፤ 1080 በ2400 ነጥብ የሆነ ሥዕል በአሜሪካ የደብዳቤ ወረቀት ላይ ስፋቱን ሞልቶ ሲቀመጥ ከቁመቱ ከአምስት ሁለት እጅ ያህል ይጠፋል። የሚጠፋውም ላይኛውና ታችኛው ነው፤ ላይ የተነጋጋሪው ስም፣ ብዙ ጊዜም ቀኑ ያለበት ስፍራ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ምልክቱን ሳያነሣ ያተመ ሰው ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል። ምልክቱ ቢነሣም እንኳ ይህ መንገድ ለትርጉሙ ስፍራ አይሰጥም።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ወርድ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም መሥራት ይሻላል። ወረቀቱን በደብዳቤ መጠን፣ ዳርቻውን በየበኩሉ 2 ሴንቲ ሜትር ያደርጉታል። በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ አንድ መሥመር ይጻፋል፤ የሥዕሉ ቁጥር፣ የመልእክቱ ቀንና የተላከበት መንገድ። ከዚያ በታች Insert ከዚያም Table ብሎ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ማውጣት ነው። በግራው ዓምድ Pictures በሚለው ሥዕሉ ይገባል፤ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን በአንድ ገጽ ላይ ይበቃል። በቀኙ ዓምድ ትርጉሙ መልእክት በመልእክት ትይዩ ሆኖ ይጻፋል። መርማሪው ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ በማዞር የትኛው ቃል የትኛው እንደ ሆነ ይረዳል። ገጹ ሲያልቅ የCtrlንና የEnterን ቁልፍ በአንድነት ተጭኖ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። በመጨረሻም Insert ከዚያ Page Number ብሎ ለገጾቹ ቁጥር ይሰጣል። የብራና መጽሐፍ ሲጠረዝ እያንዳንዱ ጥራዝ በቁጥር እንደሚታወቅ፣ ቁጥር የሌለው መዝገብም አንዱ ገጽ ቢጎድል ማንም አያውቅበትም።

ስልኩ ብዙ ገጽ በአንድ ረጅም ሥዕል የሚያነሣበት ዘዴ እንዳለው የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ለመገላገል ይፈልጋሉ። ነገር ግን ርዝመቱ 9600 ነጥብ የሆነ ሥዕል በ23 ሴንቲ ሜትር ቁመት ውስጥ እንዲገባ ቢደረግ ስፋቱ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል፤ እንደ ጥብጣብ ይታያል እንጂ አይነበብም። ስለዚህ አንድ መስተዋት ለአንድ ገጽ ይሁን፤ የአንዱ ሥዕል የመጨረሻ መልእክት በሚቀጥለው ሥዕል መጀመሪያ ላይ ቢደገም በመካከል የተዘለለ እንደሌለ ያስረዳል።

በትርጉሙ ላይ የአገራችን አቈጣጠር ሊታሰብበት ይገባል። ሚስት «ነገ ከጧቱ በሦስት ሰዓት እደውልልሃለሁ» ብላ ጽፋ ቢሆን ተርጓሚው በፈረንጅ አቈጣጠር ከጧቱ 9 ሰዓት መሆኑን ያመለክታል፤ ሦስት ሰዓት ብሎ ብቻ ቢተው በገጹ ላይ ከተመዘገበው ከጥሪው ሰዓት ጋር አይገጥምም። እንዲሁም «መስከረም 1 ቀን 2016» የሚል ቃል በትርጉሙ ላይ ከእንግሊዝኛው September 12, 2023 ጋር አብሮ ይጻፋል። በብዙዎቹ ዓመታት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ቢውልም በዚያ ዓመት በ12 ውሏል፤ ጳጕሜን 6 ቀን ነበረችና። እንዲህ ያለውን ማስረጃ የሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ሁለቱን ቋንቋ ደኅና አድርጎ የሚያውቅ ሰው ቢተረጕመው ይመረጣል። የማረጋገጫ ቃሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ፊርማውንና ቀኑን ይዞ በዚያው መዝገብ መጨረሻ ላይ ይገባል።

የመዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ደግሞ ለብቻው ይዘጋጅ። በእርሱ ላይ የሁለቱ ስም በማመልከቻው ላይ እንደ ተጻፈው፣ የየራሳቸው ስልክ ቁጥር፣ የሥዕሎቹ ብዛት፣ ከማን ስልክ እንደ ተነሡና ሰዓቱ የኢትዮጵያ መሆኑ ይጻፋል። ብዙ ሰው የባሉን ስም በስልኩ ላይ በቁልምጫ ይመዘግባል፤ በሥዕሉ ራስ ላይ «የኔ ጌታ» የሚል ስም የሚያይ መርማሪ ይህ ሰው አመልካቹ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ያ ስም ከስልክ ቁጥሩ ጋር አብሮ የሚታይበትን ገጽ አንሥቶ ከመጀመሪያው ገጽ ሥር ማስቀመጥ ነገሩን ያያይዘዋል። ስሙን ለማስረጃ ብሎ መለወጥ አያስፈልግም።

መዝገቡ ሲያልቅ File ከዚያ Save As ብሎ በዓይነቱ ስፍራ PDF መምረጥ ነው። የእያንዳንዱ ሥዕል ክብደት 700 ኪሎባይት ያህል ቢሆን 18ቱ ብቻ 12.6 ሜጋባይት ስለሚሆኑ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። እንግዲያው ከዚያ በፊት አንዱን ሥዕል ነክቶ Compress Pictures የሚለውን መክፈት፣ Apply only to this picture የሚለውን ምልክት ማንሣትና Print (220 ppi) የሚለውን መምረጥ ይገባል። በዚህ መጠን 8 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው ሥዕል ከ1080 ወደ 690 ነጥብ ያህል ይወርዳል፤ ጽሕፈቱ ግን አሁንም በግልጽ ይነበባል። E-mail (96 ppi) የሚለውን የመረጠ እንደ ሆነ ወደ 300 ነጥብ ስለሚወርድ ፊደሎቹ ይዋሐዳሉ፤ «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት ያስቸግራል። በዚህም ሁሉ ወሰኑ ካለፈ ሥዕሉን ከማደብዘዝ ይልቅ መዝገቡን በወቅቶቹ መካከል ለሁለት ከፍሎ መጫን ይሻላል። ስሙም እንዲህ ይሁን፤

```
Messages_Part1_2023.pdf
Messages_Part2_2024.pdf
```

መዝገቡ ለሁለት የተከፈለ እንደ ሆነ የተርጓሚው ማረጋገጫ በሁለቱም መጨረሻ ላይ ይግባ፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ቢነበብ የሚጎድለው ነገር እንዳይኖር።

ከመጫኑ በፊት የተዘጋጀውን ፒዲኤፍ በተሠራበት ኮምፒዩተር ሳይሆን በሌላ ስልክ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ ተመልከቱ። የሥዕሎቹ ብዛት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር ይስማማል ወይ? የእያንዳንዱ ሥዕል ላይኛና ታችኛ መሥመር ሳይቆረጥ ይታያል ወይ? ቀኖቹ ከፊት ወደ ኋላ ሳያፈገፍጉ ይሄዳሉ ወይ? ትርጉሙ ከጎኑ ካለው ሥዕል ጋር ይገጥማል ወይ? ይህን የሚያየው ሥዕሎቹን ያልሰበሰበ የቤተ ሰብ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው የጎደለውን በልቡ ሞልቶ ያነብባልና።

በስልኮቹ ላይ ያሉትን የመጀመሪያ መልእክቶች አታጥፉ። ስክሪንሹት የንግግሩ ቅጂ እንጂ ራሱ ንግግሩ ስላልሆነ መርማሪ የተጠራጠረ እንደ ሆነ ዋናውን ማሳየት የሚቻለው በስልኩ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። የመዝገቡንም አንድ ቅጂ ሚስት ዘንድ፣ አንድ ቅጂ ባል ዘንድ አስቀምጡ፤ ወደ ፊት በቃለ መጠይቅ ስለዚሁ ማስረጃ ቢጠየቁ ሁለቱም አንዱን ገጽ በአንዱ ቁጥር ያውቁታል።